ሉፕ ከመቀመጡ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ

(በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የነዋሪዎች ማኅበር የእሑድ ስብሰባ ላይ ከጤና ኮሚቴው የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲነበብ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ሉፕ የሚባለው ነገር ደም ይመጣል ይባላል፤ እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር በሚገባ ሳንመልስላቸው ቀረን። ስለዚህ ዛሬ የተሰጠን ጊዜ በሙሉ ለእሳቸው ጥያቄ ነው። በኮሚቴው ውስጥ አዋላጅ ነርሶች ስላለን በየደረጃው ላይና በየቡናው የሚጠይቁንን እናውቀዋለን። ወንዶችም ብትሰሙ ጥሩ ነው፤ ወሬው እናንተንም ይነካልና፣ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

መልሱ ባጭሩ ይኸ ነው፦ ሉፕ ደም አይመጥም። ነገር ግን ሉፕ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የወር አበባን ያበዛል፤ ሌላው ደግሞ ያሳንሳል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ለአንዷ የሚስማማው ለሌላዋ ሲሰጥ ነው። ይህን በአንዲት እኅታችን ላይ ከደረሰው ነገር ተነሥተን እናስረዳለን። ታሪኳ እንዲነገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟንና ብሎኳን ግን አንናገርም።

መጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። «ሉፕ» የምንለው ነገር ዛሬ ሉፕ አይደለም። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጥምዝምዝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዶክተር ጃክ ሊፐስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የሠሩት መከላከያ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ፕላስቲክ ስለነበር ስሙ ከእሱ ቀረ። ዛሬ የሚቀመጠው እጁን ግራና ቀኝ እንደዘረጋ ሰው ያለ፣ በእንግሊዝኛው «ቲ» ፊደል ቅርጽ የተሠራ ትንሽ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ከግርጌው ሁለት ቀጫጭን ክሮች ይንጠለጠላሉ።

እንግዲህ ሁለቱ ዓይነቶች የሚለዩት በዚህ ፕላስቲክ ላይ ባለው ነገር ነው።

አንደኛው የመዳቡ ነው። በግንዱ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ በሁለቱ ክንዶቹም ላይ የመዳብ ቀለበት አለ። ከመዳቡ በጣም ጥቂት እየሟሟ በማኅፀን ውስጥ ሲሰራጭ የወንዱን ዘር ያዳክመዋል፤ ዘሩ ወደ ሴቷ እንቁላል ደርሶ እንዳይገናኝ ያደርጋል። ሥራው በዋነኛነት ይኸ ነው፤ የተፀነሰን ለማስወረድ የተሠራ አይደለም። ሆርሞን የለበትም። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት እስከ 12 ዓመት ይሠራል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘውም ይኸው ነው፤ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ስለሚሰጥም አይከፈልበትም።

ሁለተኛው የሆርሞኑ ነው። ቅርጹ ያው ሆኖ በግንዱ ላይ በመዳቡ ፈንታ ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን የያዘ ትንሽ ከረጢት መሰል ነገር አለበት። በመጀመሪያው ጊዜ በቀን 20 ማይክሮግራም ያህል ይለቃል። ስንት ነው ትሉ ይሆናል። ይህንኑ ሆርሞን የያዘችው በየቀኑ የምትዋጥ የተለመደች ኪኒን 150 ማይክሮግራም አላት፤ ስለዚህ ሉፑ የሚለቀው ከእሷ ሰባት እጅ ያነሰ ነው፤ ሥራውም የሚበዛው እዚያው ማኅፀን ውስጥ ነው። በማኅፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ አወፍሮ ዘሩን አያሳልፍም፤ የማኅፀኑንም የውስጥ ሽፋን ያሳሳዋል። እንደ አሠራሩ ከ5 እስከ 8 ዓመት ያገለግላል። ይኸኛው በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ከመሄድ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

እርግዝናን በመከላከል በኩል በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሴቶች አንዷም አትሞላም የምታረግዘው። ልዩነታቸው ያለው በወር አበባ ላይ ነው። መዳቡ ወር አበባን ያበዛል፣ ያረዝማል፣ ቁርጠትም ይጨምራል፤ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት። የሆርሞኑ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል፣ ቀኑ የማይታወቅ ደም ያመጣና ከዚያ እያሳነሰው ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል ወር አበባ ጭራሹን አይመጣላትም። ይህ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ አይደለም። ሽፋኑ ስለሳሳ የሚፈስ ነገር አልተሠራም ማለት ነው።

አሁን ወደ እኅታችን እንምጣ።

ዕድሜዋ 31 ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። አራት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ዲፖ ስትወጋ ቆየች። ሥራዋ ፈረቃ ስለሆነ ቀጠሮው እየተዛነፈባት ተቸገረች፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚያሳርፍ ነገር ፈልጋ ሄደች። በሄደችበት ጤና ተቋም «ወር አበባሽ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቋት። እሷም እውነቱን፣ «የለኝም፤ አልፎ አልፎ ትንሽ ይታየኛል» አለች። በጥያቄና መልሱ ላይ ስሕተት ያለ አይመስልም፤ ባለሙያዋም የመዳቡን ሉፕ አስቀመጠችላት።

ስሕተቱ ግን እዚያ ላይ ነበር። ዲፖ ራሱ ወር አበባን ያስቀራል ወይም ያሳንሳል። አራት ዓመት ዲፖ የወሰደች ሴት ስለ አሁኑ ወር አበባዋ ብትጠየቅ የምትናገረው ስለ ዲፖው እንጂ ስለ ራሷ ተፈጥሮ አይደለም። መጠየቅ የነበረበት፣ «ዲፖ ከመጀመርሽ በፊት ወር አበባሽ እንዴት ነበር?» ተብሎ ነው። በኋላ እኛ ስንጠይቃት፣ «ኧረ ያኔማ ሰባት ቀን ይፈሰኝ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ከቤት አልወጣም ነበር» አለችን። ነገሩ ሁሉ እዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

ዲፖው ከሰውነቷ ሲወጣ የተፈጥሮ ወር አበባዋ ተመለሰ። በዚያ ላይ መዳቡ የራሱን ጨመረበት። በአምስተኛው ወር ላይ ዘጠኝ ቀን ይፈሳት ጀመር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በየሰዓቱ ሞዴስ ትቀይራለች፤ የረጋ ደምም ይወጣታል። ውኃ ጠፍቶ በጀሪካን ይዛ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዓይኗ ጨልሞባት ተቀመጠች። የደረጃው ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ «ሉፑ ደሟን መጦ ጨረሳት» አለ። ባለቤቷም ተጨንቆ፣ «ክሩ ካለ እኔው ስቤ ላውጣው» እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

ይህን ስንሰማ በመጀመሪያ ያልነው «እንዳትነኩት» ነው። ሉፕ በቤት ውስጥ አይሳብም። ቀጥለንም ወደ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን።

እዚያ የተደረገውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ፤ ከእናንተ በአንዷ ላይ ቢደርስ መደረግ ያለበት ይኸው ነውና። በመጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ተደረገላት፤ የለም። ቀጥሎ ክሩ ታየ፤ በቦታው አለ፣ ርዝመቱም እንደነበረ ነው። መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ትኩሳት፣ ሲነካ የሚያም ነገር ታየ፤ አልተገኘም። አልትራሳውንድ ላይ ሉፑ በትክክለኛው ቦታ ተቀምጧል፤ በማኅፀኑም ውስጥ ደም የሚያበዛ እጢ የለም። በመጨረሻ የደም መጠኗ ተለካ፦ 9.4 ሆነ። እርጉዝ ያልሆነች ሴት 12 እና ከዚያ በላይ ሊኖራት ይገባል። እንግዲህ የጨለመባት ዓይን ምክንያቱ ይኸ ነው። ሉፑ ደም አልመጠጠም፤ በወር በወር ብዙ ደም ወጥቶ ሰውነቷ ሊተካው አልቻለም።

ሦስት መንገድ ቀረበላት። ሕመም ማስታገሻና የብረት ኪኒን ወስዳ ጥቂት መታገሥ፤ ሉፑን አስወጥታ ሌላ ዘዴ መጀመር፤ ወይም በሆርሞኑ መለወጥ። እሷ በመጀመሪያው ጀመረች። ወር አበባ ከመጣበት ቀን አንሥቶ ለአምስት ቀን አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር ታዘዘላት። ይኸ መድኃኒት ቁርጠቱን ብቻ ሳይሆን የሚፈሰውንም ደም ይቀንሳል፤ የጨጓራ ቁስለት ያለባት ግን ሳትናገር እንዳትወስደው። በዚያ ላይ የብረት ኪኒን ተጨመረላት። ከሁለት ወር በኋላ የሚፈስበት ቀን ከዘጠኝ ወደ ሰባት ወረደ፤ የደም መጠኗም 10.1 ደረሰ። ተሻላት እንጂ አልዳነችም፤ የተመለሰችው ወደ ቀድሞ ተፈጥሮዋ ነው፤ ያ ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ ነበር። ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ተልካ የመዳቡ ወጥቶ በዚያው ቀን የሆርሞኑ ተቀመጠላት።

ታሪኩ እዚህ ላይ አማረ ብለን ብንጨርስ ልክ አይሆንም። የሆርሞኑ ከተቀመጠ በኋላ ሁለት ወር ተኩል ያህል ጠብ ጠብ አለባት። ብዛት የለውም፤ ነገር ግን አይቆምም። ቤተ ክርስቲያን መግባት አልቻለችም፤ በዓል አለፈባት፤ እንዲህ ከሆነስ ምን ተሻለኝ ብላ አለቀሰች። ይህ በእስልምና እምነት ተከታይ እኅቶቻችንም በኩል ከሶላትና ከጾም ጋር የሚገናኝ ጉዳይ ነው። የሃይማኖቱን ፍርድ ለአባቶችና ለዑለማዎች እንተዋለን፤ እኛ የምንለው ግን ሴቲቱ ይህ እንደሚመጣ አስቀድማ ልታውቅ ይገባል ነው። አውቃ የገባችበት ሦስት ወር ይታለፋል፤ ሳይነገራት የመጣባት ሦስት ሳምንት ግን ያስወጣታል። እኅታችን ታገሠች። በስድስተኛው ወር ወር አበባዋ የአንድ ቀን ጠብታ ሆነ፤ የደም መጠኗ 12.6 ደረሰ። ጀሪካኑንም ያለማንም እርዳታ ታወጣለች።

ከእሷ በር ፊት ለፊት የምትኖረው ጎረቤቷ ደግሞ አራት ዓመት የመዳቡን ይዛ ምንም አልሆነችም። ወር አበባዋ ከድሮውም ሦስት ቀን ነበር፤ አሁን አራት ቀን ሆነ፤ በቃ። በዚህ ላይ ኪኒን ስትወስድ ራሷን ያማት ስለነበር ሆርሞን አትፈልግም። ስለዚህ «የመዳቡ መጥፎ፣ የሆርሞኑ ጥሩ» ብላችሁ ከዚህ እንዳትወጡ። ለአንዷ ያልሆነው ለጎረቤቷ ሆኗል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብዙ ሴት ላይ ሊደርስ የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ያገቡ ሴቶች 27ቱ መርፌ ተጠቃሚዎች ሲሆኑ፣ ሉፕ የሚጠቀሙት 2 ብቻ ነበሩ። ይኸ ማለት ወደ ሉፕ ከሚመጡት ውስጥ ከመርፌ የሚመጡት ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲያው ባለሙያው ባይጠይቃችሁም እናንተ ራሳችሁ ተናገሩ፦ «ከመርፌው በፊት ይህን ያህል ቀን ይፈሰኝ ነበር፤ ይህን ያህል ሞዴስ እጨርስ ነበር፤ ያዞረኝ ነበር፤ ወይም አያዞረኝም ነበር።»

አሁን ደግሞ ስለ አቀማመጡ። ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ቀዶ ጥገና ይመስላችኋል። አይደለም፤ መቅደድም መስፋትም የለበትም። ከጥያቄውና ከምርመራው ውጪ ሥራው ራሱ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል።

ባለሙያዋ በመጀመሪያ በጓንት በእጇ ትመረምራለች፤ ማኅፀኑ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዘነበለ መሆኑን ለማወቅ ነው። ይህ ምርመራ እንዳይዘለል፤ አቅጣጫው ሳይታወቅ የሚገባ መሣሪያ ግድግዳ ሊወጋ ይችላል። ቀጥሎ ብልትን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ ታስገባለች፤ የማኅፀኑን በር አይታ በአዮዲን ታጥባለች። መግል ወይም ኢንፌክሽን ካየች ሥራው በዚያ ቀን አይሠራም፤ መጀመሪያ ይታከማል። ከዚያ የማኅፀኑን በር በመያዣ ትይዘዋለች፤ እዚህ ላይ እንደ ቁንጥጫ ያለ ስሜት አለ። ከዚያ ቀጭን መለኪያ ዘንግ አስገብታ ጥልቀቱን ትለካለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ጊዜ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ጠንከር ያለ ሕመም ይመጣል። ሉፑ ክንዱን አጥፎ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ በተለካው ጥልቀት ልክ ሲደርስ ቱቦው ወደ ኋላ ይሳባል፤ ሉፑም እዚያው ክንዱን ይዘረጋል። በመጨረሻ ክሩ ከማኅፀኑ በር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይቆረጣል።

አንዳንዷን ላብ ላብ ይላታል፣ ያዞራታል፤ ጥቂት ጋደም ስትል ያልፋል። ስለዚህ ቁርስ ሳትበሉ አትሂዱ፤ ሲመለሱም የሚደግፍ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ካርዳችሁ ላይ ሦስት ነገር መጻፉን ተመልከቱ፦ የመዳቡ ነው የሆርሞኑ፣ መቼ ተቀመጠ፣ መቼ መውጣት አለበት። «ሉፕ አለኝ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም» የምትል ሴት ብዙ ጊዜ ታጋጥመናለች፤ ከተቸገረች በኋላ ለመርዳት ያስቸግራል።

«ወር አበባ ላይ ካልሆንሽ አይቀመጥም» የሚባለው ልክ አይደለም። እርጉዝ አለመሆኗ ከታወቀ በማናቸውም ቀን ይቻላል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ አለዚያም ከ4 ሳምንት በኋላ ይደረጋል።

ወደ ወሬዎቹ እንምጣ። አራቱን ብቻ እናንሣ።

«ሉፕ ወደ ላይ ወጥቶ ልብ ይገባል» ይባላል። ማኅፀን ከትንሽ አቮካዶ የማይበልጥ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው ከረጢት ነው፤ ከውስጡ ወደ ልብ የሚወስድ መንገድ የለም። ይሁን እንጂ የወሬው ዘር ከየት እንደመጣ እንናገራለን። ከ1000 ሴቶች በአንዷ ያህል ላይ በማስቀመጥ ጊዜ የማኅፀን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። ጡት በምታጠባ ሴት ላይ ይህ ከሌላዋ ይበልጥ ያጋጥማል፤ ስለዚህ የምታጠባ ሴት ይህንኑ ለባለሙያዋ ትናገር። ያ ሲሆን ሉፑ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይቀራል እንጂ ልብ አይደርስም። ምልክቱ የክሩ መጥፋት ነው፤ በአልትራሳውንድ ካልታየ በራጅ ይገኛል፤ ፕላስቲኩ ውስጥ በራጅ የሚታይ ነገር የተጨመረበት ለዚሁ ነው።

«ባልን ይወጋል» የሚባለው ሁለተኛው ነው። ወንዶች፣ የእናንተ ተራ ደረሰ። ሉፑ ራሱ ማኅፀን ውስጥ ስለሆነ አይነካችሁም። ሊሰማችሁ የሚችለው ክሩ ነው፤ እሱም በጣም አጥሮ ሲቆረጥ እንደ ፂም ስለሚቆም ነው። ረዘም ብሎ የተቆረጠ ክር በጊዜ ይለሰልስና ወደ ጎን ይተኛል። ካስቸገረ ባለሙያዋ ታስተካክለዋለች፤ ለዚህ ተብሎ ሉፕ አይወጣም። ነገር ግን ክር ሳይሆን ጠንካራ ነገር ከተሰማችሁ ዝም አትበሉ፤ ሉፑ ሊወጣ እየተንሸራተተ ይሆናል።

«መካን ያደርጋል» የሚባለው ሦስተኛው፣ መነሻ ያለው ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዳልኮን ሺልድ የሚባል ሉፕ በአሜሪካ ለገበያ ወጥቶ ነበር። የእሱ ክር ብዙ ጭረቶች ተጠቅልለው የተሠሩበት ስለነበር፣ ክሩ እንደ ፋኖስ ክር ተሕዋስያንን ወደ ማኅፀን ይስብ ነበር። ብዙ ሴቶች ተጎዱ፤ በ1974 ከገበያ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የሉፕ ክር የሚሠራው ከአንድ ነጠላ ጭረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የሜክሲኮ ጥናት ደግሞ ልጅ አልወልድ ያሉ ሴቶችን ከሌሎች ጋር አስተያይቶ የመዳብ ሉፕ የዘር ቱቦ እንደማይዘጋ አሳይቷል። ከቱቦ መዘጋት ጋር የተገናኘው ክላሚዲያ የሚባለው የአባላዘር በሽታ ነው። እንግዲህ በሽታው ሳይታከም ሉፕ ማስቀመጥ አደጋ ነው፤ ሉፕም ከአባላዘር በሽታና ከኤችአይቪ አይከላከልም፤ ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል። ሉፕ በወጣ ጊዜ ማርገዝ ወዲያው ይቻላል። የሚያዘገየው ዲፖ ነው፤ እሱ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በርካታ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሕዝባችን ሁለቱን ያቀያይራቸዋል።

አራተኛው «ከባድ ዕቃ ካነሣሽ ይወድቃል» ነው። ጀሪካን ሉፕን አያወርድም። ሉፕ ግን በራሱ ሊወጣ ይችላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሴቶች ከ2 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር አበባ ጊዜ። አንዳንዴ ሴቲቱ ሳታውቀው ከሞዴሱ ጋር ይጣላል። ሳታውቅ አለኝ ብላ ትቀመጥና ታረግዛለች፤ «ሉፕ እያለኝ አረገዝኩ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞዴሱን ሳታዩ አትጣሉ፤ እጃችሁን ታጥባችሁ ክሩን በጣት መፈተሽም ትችላላችሁ። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ለምርመራ ተመለሱ።

በመጨረሻ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ የምትሄዱባቸውን ምልክቶች ጻፉልን ብላችኋል፤ እነሆ፦

ክሩ ሲጠፋ፣ ሲረዝም ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሰማ።

ትኩሳትና የታች ሆድ ሕመም፣ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ሲመጣ፤ ይልቁንም ከተቀመጠ በመጀመሪያው ወር ውስጥ።

ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያስቀይር ደም ሲኖር፣ ወይም ሲያዞርና ልብ ሲመታ።

የመዳቡን ለያዘች፣ ወር አበባ ሲዘገይ፤ የትኛውንም ለያዘች፣ የእርግዝና ምልክት ሲኖር። ሉፕ እርግዝናን በአጠቃላይ ስለሚያስቀር ከማኅፀን ውጪ የሚሆነውንም ያሳንሳል፤ ነገር ግን ሉፕ እያለ ከተረገዘ ያ እርግዝና ከማኅፀን ውጪ የመሆን ዕድሉ ከሌላው ይበዛል። ይህ ሲሆን በአንድ በኩል የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ መዝለፍለፍ፣ የትከሻ ሕመም ይመጣል። በዚህ ጊዜ ቡና ላይ ምክር አይጠየቅም፤ ታክሲም ሆነ አምቡላንስ ተፈልጎ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።

ማስወጣት የፈለገች ሴት ምክንያት እንድታቀርብ አትገደድም። አምስት ወርም ይሁን አምስት ዓመት፣ «አውጡልኝ» ካለች ክሩ በመሣሪያ ተይዞ በቀስታ ይሳባል፤ በደቂቃ ያልቃል። በቤት ውስጥ ግን በማንም አይሳብም።

እናታችን፣ ሉፕ ደም አይመጥም፤ ከመርፌው በፊት ስንት ቀን ይፈስ እንደነበር ያልተጠየቀች ሴት ግን ደሟ ሊያልቅ ይችላል። ልጅዎም ሆኑ ምራትዎ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ይህችን አንዲት ጥያቄ ያስታውሱልን።

በሰሌዳው ፊት ለመጠየቅ የሚከብዳችሁ ነገር ካለ፣ ስም ሳትጽፉ በወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሣጥን ውስጥ ጨምሩት፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንመልሳለን።

የማኅበሩ የጤና ኮሚቴ
ኮዬ ፈጬ